ለጀነራል ኬሚስትሪ ፈተና 14 ቀን ሲቀር፦ ምኑ ይሸመደድ፣ ምኑ ይሠራ

የጎረቤቴ ልጅ ፍሬሽማን ሳለች ፋይናሏ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ቤቴ መጣች። እጇ ላይ አራት ኪሎ ከአንድ ፎቶኮፒ ቤት የገዛችው የቆየ ፈተና ነበር። «ጋሼ፣ ሞጁሉን ሦስት ጊዜ አንብቤዋለሁ። ፈተናውን ስሞክረው ግን ግማሹም እምቢ አለኝ» አለችኝ። ምን እንደመከሯት ጠየቅኳት። አንዷ ጓደኛዋ «በደንብ ሸምድጂው» ብላታለች። ሌላዋ ደግሞ «ኬሚስትሪ አይሸመደድም፣ ዝም ብለሽ ጥያቄ ሥሪ»።

ሁለቱም ግማሽ ግማሽ እውነት አላቸው። የቸገረው በቀን ስንት ሰዓት ለሽምደዳ፣ ስንት ሰዓት ለጥያቄ እንደሚሰጥ ማወቁ ነው። ይህ ከተማሪ ተማሪ ስለሚለያይ ከሰው መቅዳት አይቻልም። ከራስ ስህተት ላይ ግን ማንበብ ይቻላል። ከእሷ ጋር የሠራነውን ዕቅድ እንዳለ ልጻፍላችሁ። ሌሎች ኮርሶችም ስለነበሩባት ለኬሚስትሪ የመደብነው በቀን 3 ሰዓት ብቻ ነው።

ቀን 1፦ ምንም ሳታነቡ ተፈተኑ

30 ገደማ ጥያቄ ያለው የቆየ ፈተና ያዙ። ስልካችሁን ሌላ ክፍል አስቀምጡና በሰዓት ሥሩት። ውጤቱ መጥፎ ይሆናል፣ ይሁን። የምንፈልገው ውጤቱን አይደለም።

ከፎቶኮፒ ቤት የሚገዛ ፈተና አንድ ጣጣ አለው። ጫፉ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው መልስ ብዙ ጊዜ የሆነ ተማሪ ግምት ነው፤ ሲገለበጥ ሲገለበጥ «መልስ» የሚል ማዕረግ አግኝቷል። ከእናንተ መልስ ጋር ካልገጠመ ወዲያው እጅ አትስጡ። እንደገና ሥሩት፣ ካልሆነ መምህር ወይም ጎበዝ ጓደኛ ጠይቁ።

አሁን ዋናው ሥራ ይመጣል። የተሳሳታችሁትን እያንዳንዱን ጥያቄ እንደገና ሞክሩ። በዚህ ዙር ሞጁሉን ገልጦ አዮኖችን፣ ሕጎችን፣ ፎርሙላዎችን ማየት ይፈቀዳል። የተሠራ መልስ ማየት ግን ክልክል ነው። ከዚያ ከጥያቄው ጎን አንድ ፊደል ጻፉ።

ሞጁሉን አይታችሁ ከተሠራላችሁ «ረ» ብላችሁ ጻፉ፤ ረሳሁ ማለት ነው። ሞጁሉ ፊታችሁ ተገልጦም ከየት እንደምትጀምሩ ካላወቃችሁ «መ»፤ መንገዱ ጠፋኝ። መንገዱንም ነገሩንም አውቃችሁ ካልኩሌተር፣ ዩኒት ወይም ችኮላ ከጣላችሁ «እ»፤ የእጅ ስህተት።

ልጅቷ ከ30ው 17 ስታ ነበር። ስንለየው 9 «መ»፣ 5 «ረ»፣ 3 «እ» ወጣ። ስትመጣ «እኔ እኮ ይረሳኛል» ነበር የምትለው። ወረቀቱ ግን የነገራት ሌላ ነው። አብዛኛው ጥያቄ ሞጁሉ ፊቷ ተዘርግቶም አልሠራ ያላት ነበር። አራተኛ ጊዜ ብታነበው የትም አያደርሳትም ነበር።

ክፍፍሉ ከዚህ ወጣ። 9 ለ5 ስለሆነ ከ3 ሰዓቱ 2ቱን ለጥያቄ፣ 1ዱን ለሽምደዳ ሰጠን። የእናንተ «ረ» ከበዛ የሽምደዳውን ድርሻ ጨምሩ። አንድ ገደብ ብቻ ላስቀምጥ፦ ሽምደዳው በቀን ከግማሽ ሰዓት አይነስ፣ ከጠቅላላው ጊዜም ከግማሽ አይብለጥ። ከዚያ ካነሰ የያዛችሁት ይፈሳል። ከበዛ ደግሞ ፈተናው ላይ የማትጠቀሙበትን ማጠራቀም ትጀምራላችሁ።

ቀን 2፦ የሚሸመደደውን ቁረጡ

ሞጁሉን ገልጣችሁ የሚሸመደደውን በሁለት ገጽ ብቻ አውጡ። ሁለት ገጽ ካልበቃችሁ ልትደርሱበት የምትችሉትን ነገር ጨምራችኋል ማለት ነው።

መያዝ ያለበት በማሰብ የማይገኘው ነው። ናይትሬት NO₃⁻ መሆኑን ቁጭ ብሎ በማሰብ ማንም አያገኘውም። የብዙ አቶም አዮኖች ስምና ቻርጅ፣ ምኑ በውኃ ይሟሟል ምኑ ይዘቅጣል የሚለው ሕግ፣ ጠንካራ አሲዶች (HCl፣ HBr፣ HI፣ HNO₃፣ HClO₄፣ H₂SO₄)፣ የኤሌክትሮን አደራደር ላይ ከደንቡ የሚወጡት Cr እና Cu እዚህ ይገባሉ።

የቦይል ሕግ፣ የቻርልስ ሕግ፣ የአቮጋድሮ ሕግ እያሉ ለየብቻ መሸምደድ ግን ትርፉ ድካም ነው። PV = nRT ካለ ሦስቱም ከውስጡ ይወጣሉ። የማይለወጠውን ሸፍናችሁ የቀረውን ማየት ነው። አቶም በፔሪዮዲክ ቴብሉ ወደ ቀኝ ሲኬድ ለምን እንደሚያንስ ከገባችሁም ቀስት መሸምደድ አያስፈልግም። ኒውክለሱ ውስጥ ፕሮቶን ይጨምራል፣ ኤሌክትሮኑ ግን እዚያው ሼል ላይ ስለሚገባ አጥብቆ ይስበዋል። ኮንስታንቶች ፈተናው ላይ ይሰጡ እንደሆነ ደግሞ መምህሩን ቀድማችሁ ጠይቁ። R ከተሰጠ ለምን ይሸመደዳል?

የተረፈውን ካርድ አድርጉት። አንድ ኤፎር ወረቀት ለ8 ቁረጡ። ፊት ለፊቱ «ሰልፌት»፣ ጀርባው SO₄²⁻። ካርዱን በሁለቱም አቅጣጫ ነው የምትጠየቁት፤ ከስሙ ወደ ፎርሙላው፣ ከፎርሙላውም ወደ ስሙ። መልሱን በአፍ አትበሉ፣ ጻፉት። በአፍ ሲባል ቻርጁ ተውጦ ያልፋል። ፈተና ላይ የሚጥለው ደግሞ ያው ቻርጅ ነው።

አንድ የሚያሳርፍ ነገር ልንገራችሁ። ሰልፌት SO₄²⁻ ከሆነ ሰልፋይት SO₃²⁻ ነው። ናይትሬት NO₃⁻ ከሆነ ናይትራይት NO₂⁻ ነው። ከ«ኤት» ወደ «አይት» ሲኬድ አንድ ኦክስጅን ይቀነሳል፣ ቻርጁ አይነካም። ስለዚህ «ኤቶቹን» ብቻ ያዙ።

በትክክል የጻፋችሁት ካርድ ከሁለት ቀን በኋላ ይመለሳል። እንደገና ካገኛችሁት ከአራት ቀን በኋላ። የሳታችሁት ግን ነገ ጠዋትም ይመጣል። ሦስት ላስቲክ ወይም ሦስት ፖስታ ይበቃል። ልጅቷ ካርዶቿን ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ለግማሽ ሰዓት፣ ማታ ከመተኛቷ በፊት ለግማሽ ሰዓት ታያቸው ነበር። ታክሲ ሰልፍ ላይም ታወጣቸዋለች፤ እሱን አልቆጠርነውም።

ከቀን 3 እስከ 7፦ አንድ ርዕስ፣ ከባዶ ወረቀት

በእነዚህ አምስት ቀናት ርዕስ በርዕስ ሂዱ። «መ» የበዛበትን አስቀድሙ። የእሷ ሞልና ስቶይኪዮሜትሪ ስለነበር ሁለት ቀን ወሰደ። ከዚያ ኢኩሊብሪየም አንድ ቀን፣ ቦንዲንግና የሞለኪውል ቅርጽ አንድ ቀን። የአቶም መዋቅርና ጋዝ አንድ ቀን ተካፈሉ፣ እዚያ እምብዛም አልተቸገረችም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። መልሱን ሸፍናችሁ ጀምሩ። 7 ደቂቃ ሙሉ ከተጣበቃችሁ ከተሠራው መልስ አንድ መስመር ብቻ አይታችሁ መልሳችሁ ሸፍኑት። የቀረውን ራሳችሁ ጨርሱ። እንዲህ በድጋፍ የተሠራ ጥያቄ አልተሠራም፤ ነገ ከባዶ ወረቀት ላይ ይደገማል። ቴሌግራም ላይ የሚለቀቀውን የተሠራ መልስ እያዩ «ገባኝ» ማለት የሚያታልለው እዚህ ላይ ነው። ሌላ ሰው ያሰመረውን መንገድ መከተል ቀላል ነው። መጀመሪያ ምን እንደሚጻፍ መወሰኑ ነው የከበደው፣ እሱን ደግሞ ቪዲዮው ወስኖላችኋል።

አንድ ጥያቄ እስከ መጨረሻው እንሥራ። ይህን የመረጥኩት ሽምደዳውና ስሌቱ እንዴት እንደተቆላለፉ ስለሚያሳይ ነው።

*25.0 ሚሊ ሊትር 0.200 M Pb(NO₃)₂ ከ30.0 ሚሊ ሊትር 0.250 M KI ጋር ተቀላቀለ። ስንት ግራም ዝቃጭ ይወጣል?*

የመጀመሪያው እርምጃ ሙሉ በሙሉ ከካርድ ነው። ናይትሬት ያለበት ሁሉ ይሟሟል፣ የፖታሲየም ጨውም ይሟሟል። አዮዳይድ ብዙውን ጊዜ ይሟሟል፣ ከእርሳስ፣ ከብርና ከሜርኩሪ(I) ጋር ግን ይዘቅጣል። ስለዚህ ዝቃጩ የእርሳስ አዮዳይድ ነው፣ ደማቅ ቢጫ። ፎርሙላውስ? ናይትሬት −1 ስለሆነና ሁለት ስላለ እርሳሱ +2 ነው። አዮዳይድ −1 ነው። ስለዚህ PbI₂። ከዚያ፦

Pb(NO₃)₂ + 2KI → PbI₂ + 2KNO₃

ሁለተኛው እርምጃ ሞል ነው። ሚሊ ሊትሩን ወደ ሊትር ቀይረን በሞላሪቲው ስናባዛ እርሳሱ 0.0250 × 0.200 = 0.00500 ሞል ይሆናል። KI ደግሞ 0.0300 × 0.250 = 0.00750 ሞል።

ሦስተኛው ቶሎ የሚያልቀውን መለየት ነው፤ ሊሚቲንግ ሪኤጀንት የምትሉት። 0.00500 ሞል እርሳስ ሙሉ በሙሉ እንዲያልቅ 0.0100 ሞል KI ይፈልጋል። ያለን 0.00750 ብቻ ነው። ስለዚህ ቶሎ የሚያልቀው KI ነው። የሚወጣው PbI₂ የKI ግማሽ፣ 0.00375 ሞል ይሆናል። የPbI₂ ሞላር ማስ 461.0 ስለሆነ 0.00375 × 461.0 = 1.73 ግራም።

ልጅቷ መጀመሪያ ስትሠራው 2.31 ግራም አገኘች። ከምርጫዎቹ ውስጥም ስላለ ደስ ብሏት ከበበችው። ሁለቱን ሞል አይታ «ትንሹ እርሳስ ነው፣ እሱ ያልቃል» ብላ 0.00500ን በ461.0 አባዝታ ነበር። ትንሽ ቁጥር ያለው ያልቃል ማለት ስህተት ነው። እያንዳንዱ ሞል ከፊት ለፊቱ ባለው ቁጥር ተካፍሎ ነው የሚወዳደረው። እርሳሱ ለ1 ተካፍሎ 0.00500፣ KI ለ2 ተካፍሎ 0.00375። ይሄ «መ» ነው።

ሌላ አብሯት የሚያጠና ልጅ ግን 1.67 አመጣ። መንገዱ ልክ ነበር። የእርሳሱን ቻርጅ ረስቶ PbI ብሎ ስለጻፈ ሞላር ማሱ 334.1 ሆነበት፣ ሬሾውም አንድ ለአንድ። 1.67 ከ1.73 ጋር እንዴት እንደሚቀራረብ እዩ። ዞር ብሎ «ማጠጋጋት ይሆናል» ሊል ይችላል። አይደለም። ይሄ «ረ» ነው፣ መድኃኒቱም ካርድ። ሁለቱ ልጆች አንድ ጥያቄ ሳቱ፣ ማታ የሚያጠኑት ግን አንድ መሆን የለበትም።

ጥያቄውን ከጨረሳችሁ በኋላ ራሳችሁ አንድ ተጨማሪ ጠይቁ። ለምሳሌ የቀረው የPb²⁺ ሞላሪቲ ስንት ነው? የቀረው 0.00500 − 0.00375 = 0.00125 ሞል ነው። መጠኑ አሁን 25.0 ሳይሆን 55.0 ሚሊ ሊትር ነው፣ ምክንያቱም ሁለቱ ተቀላቅለዋል። 0.00125 ÷ 0.0550 = 0.0227 M። 0.0500 M ያገኘ ሰው መቀላቀሉን ረስቷል። አንድን ጥያቄ እንዲህ ማጠፍ አዲስ አምስት ከመሥራት ይሻላል እላለሁ።

ቀን 8፦ እንደገና ፈተና፣ እንደገና ቆጠራ

ሌላ የቆየ ፈተና ውሰዱ፣ እንደ ቀን 1 ሥሩ፣ ፊደሎቹን ቁጠሩ። ልጅቷ ይህን የሠራችው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ነው። ቤት ወንድሞቿ ኳስ እያዩ አስቸግረዋት ነበር። 11 ሳተች፦ 5 «መ»፣ 2 «ረ»፣ 4 «እ»።

«እ» ከ3 ወደ 4 መውጣቱ ገረማት። ብዙ የሚገርም አይደለም። በፊት መንገዱ ስለሚጠፋት ካልኩሌተር ጋ የማይደርሱ ጥያቄዎች ነበሩ፣ አሁን ይደርሳሉ።

ከአራቱ ሁለቱ አንድ በሽታ ነበራቸው። በ1.00 atm እና በ300 K 2.46 ሊትር ጋዝ ስንት ሞል ነው ተብሎ n = PV/RT ይሠራል። እሷ ካልኩሌተሩ ላይ 2.46 ÷ 0.08206 × 300 ብላ መታች። የወጣው 8,993 ነው። ካልኩሌተሩ በ0.08206 አካፍሎ በ300 አባዛው። የታችኛው ቅንፍ ይፈልጋል፦ 2.46 ÷ (0.08206 × 300) = 0.0999። ከዚህ በኋላ ያስለመድኳት መልሱን ከመክበቧ በፊት አንድ ጊዜ በሐሳቧ ማየትን ነው። ሁለት ሊትር ተኩል ጠርሙስ ውስጥ ወደ ዘጠኝ ሺህ ሞል ጋዝ? እንኳን ጠርሙስ ቤቱም አይችለውም።

ሌላው የR ጉዳይ ነው። ግፊቱ በatm፣ መጠኑ በሊትር ከሆነ 0.08206። ግፊቱ በkPa፣ መጠኑ በሊትር ከሆነ 8.314። ሴልሺየስ ከተሰጣችሁ 273 ሳትደምሩ እንዳትነኩት።

ከቀን 9 እስከ 12፦ ቀላቅሉ

ከዚህ በኋላ በርዕስ መሥራት ይቁም። ስቶይኪዮሜትሪ የሚል ርዕስ ሥር ያለ ጥያቄ መንገዱን ራሱ ይነግራችኋል። ፈተናው ላይ ርዕስ የለም። ጥያቄዎቹን ከአምስቱም ርዕስ በወረቀት ቆርጣችሁ አንድ ኩባያ ውስጥ ጨምሩና እያወጣችሁ ሥሩ። በቀን 15 ገደማ ይበቃል።

ግማሾቹን ደግሞ አትጨርሷቸው። መጀመሪያ ምን እንደሚሠራ፣ ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ በሦስት አጭር መስመር ጽፋችሁ ካልኩሌተር ሳትነኩ እለፉ። ለ«መ» ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ለአንድ ሙሉ ስሌት በሚፈጀው ጊዜ ሦስት መንገድ ታገኛላችሁ።

የካርዱ ጊዜ አሁን ወደ ግማሽ ሰዓት ይወርዳል፣ ቁልሉም አብሮ ያንሳል። አልያዝ ያሉ አምስት ስድስት ካርዶች ይቀራሉ። እነሱን እየደጋገሙ ከመቆጣት ጥያቄ ውስጥ አስገቧቸው። ፎስፌት ካልያዘላችሁ የካልሲየም ፎስፌትን ሞላር ማስ ሥሩ። Ca₃(PO₄)₂ ብላችሁ ለመጻፍ −3ን የግድ ማስታወስ አለባችሁ።

ቀን 13 እና 14

ቀን 13 ላይ የመጨረሻ ሙሉ ፈተና፣ ከተቻለ ፋይናሉ በሚሰጥበት ሰዓት። ከ2 ደቂቃ በላይ የወሰደባችሁን ጥያቄ ምልክት አድርጋችሁ ዝለሉ፣ መጨረሻ ላይ ተመለሱበት። ከሰዓት የሳታችሁትን ብቻ እዩ።

ቀን 14 አዲስ ጥያቄ አይሠራም። አዲስ ጥያቄ በዋዜማው ቢያቅታችሁ ለማስተካከል ጊዜ የለም፣ እንቅልፍ ብቻ ይነሳችኋል። እስካሁን የሳታችኋቸውን ጥያቄዎች አንድ ጊዜ ከዳር እዳር አንብቡ፣ አስቸጋሪዎቹን ካርዶች ሁለት ጊዜ ጻፉ። ካልኩሌተሩ የሚጠፋና የሚበራ ከሆነ ባትሪውን ዛሬ ቀይሩ፤ ስልክ ይዞ መግባት አይቻልም። ከዚያ ተኙ።

ፈተናው ሲጀመር የመጀመሪያውን ጥያቄ ከማንበባችሁ በፊት አልያዝ ያሉትን ካርዶች ለሥራ በሚሰጠው ባዶ ቦታ ላይ ጻፏቸው። አንድ ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ልጅቷ የጻፈችው ሦስት ነገር ነበር፦ PO₄³⁻፣ የCr አደራደር ([Ar] 4s¹3d⁵)፣ እና ከሥሩ በአማርኛ «ቅንፍ!»።